ውሉ ሰኔ 30 ያልቃል፤ አላድስም ለማለት በጽሑፍ መስጠት የግድ ነው?

መነሻ ጽሑፍ

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ላይ ያነሳው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ የተከራየ ሰው ነው። የጻፈው በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ነው። ውሉ ሐምሌ 1 ቀን 2016 ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን 2018 ያበቃል። ወረዳም ተመዝግቧል። ኪራዩ በወር 12,000 ብር ነው፤ ሲገባ የሁለት ወር ቅድሚያ ከፍሏል። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ብር አልተጨመረበትም። እንዲህ ዓይነት አከራይ ዛሬ በሻማ ተፈልጎ አይገኝም፤ እሱም ይህን አልካደም።

የቤቱ ባለቤት ውጭ አገር ያሉ ሴት ናቸው። ውሉን በውክልና የፈረመው ወንድማቸው ነው። ተከራዩ ሥራው ወደ ሰበታ ስለተዛወረ ማደስ አይፈልግም፤ ከቱሉ ዲምቱ ሰበታ መመላለስ ደግሞ የሚታሰብ አይደለም። መጋቢት ላይ ለወንድምየው ደውሎ ነግሮታል። እሱም እሺ ብሎ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ወንድምየው በጽሑፍ የደረሰኝ ነገር ስለሌለ ውሉ በራሱ ይታደሳል፣ ከወጣህም የሁለት ወሩን ቅድሚያ እርሳው አለው። ጠያቂው ደብዳቤ መጻፍ ይጠበቅበት እንደሆነ፣ ለማን እንደሚሰጥና 24,000 ብሩ የማን እንደሆነ ነው ማወቅ የፈለገው።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ያነበበ አይመስልም። ሰውዬው ከቤት እየተባረረ ነው ብሎ አሰበ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ዓመት ያነሰ ውል እንደማይፈቅድ፣ አከራይ ተከራይን እንደፈለገ ማስወጣት እንደማይችል በስሜት ጻፈ። በመጨረሻም እንዳትወጣ፣ ቁልፉን እንዳትሰጥ ብሎ መከረው። ያለው ነገር ስህተት የለበትም፤ ጠያቂው ግን መውጣት ነው የፈለገው።

ምላሽ 2

ይኸኛው በአንድ መስመር ጨረሰ። የበላዩን ሰውዬ መነጽሩን እንዲያደርግ መከረና ሄደ።

ምላሽ 3

ሦስተኛው በራሱ የሚተማመን ሰው ነው። ጊዜው የተወሰነ ውል ቀኑ ሲደርስ በራሱ እንደሚያበቃ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንኑ እንደሚል አስረዳ። ስለዚህ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ሰኔ 30 ዕቃህን ጭነህ መሄድ ነው አለ። ወንድምየው የሚያወራው ተረት ነው ሲልም ጨመረበት። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔ ግን እዚህ ጋ ትንሽ ተጨነቅሁ፤ ግማሹ እውነት የሆነ ምክር ነው ሰውን ገደል የሚከተው።

ምላሽ 4

የጭንቀቴን መልስ የሰጠችው ወረዳ ደጃፍ ውልና ማመልከቻ እየጻፈች የምትተዳደር ሴት ናት። ከዚህ የውይይት ክር ብዙ የተማርኩት ከእሷ ነው። የሦስተኛውን መላሽ ሐሳብ በትሕትና ተቀብላ ጀመረች። አዎ፣ ቀኑ ሲደርስ ውሉ በራሱ ያበቃል። ግን ሁለት ነገር ተረስቷል አለች። አንደኛ፣ ውሉ ራሱ ማስታወቂያ የሚጠይቅ አንቀጽ ካለው በዚያ ተስማምተህ ፈርመሃል። ሁለተኛ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ተከራዩ እዚያው ቢቀጥል፣ አከራዩም እያየ ዝም ቢል፣ ውሉ ሳይነጋገሩ እንደታደሰ ይቆጠራል። ሐምሌ 3 ላይ መኪና አላገኘሁም ብለህ ብትቆይና ያገሬ ሰው እንደሚያደርገው የሐምሌን ኪራይ ብትልክ፣ አላድስም ያልከውን በገዛ እጅህ አፈረስክ ማለት ነው።

ከዚያ ሌላ ምንም ሳትል የውሉን የእድሳት አንቀጽ ቃል በቃል እንዲያወጣው ጠየቀችው።

ምላሽ 5

ጠያቂው አንቀጹን ጻፈው። ተከራዩ ውሉን ማደስ ካልፈለገ የውሉ ዘመን ከማብቃቱ ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ ለአከራይ ያሳውቃል ይላል። ካላሳወቀ ምን እንደሚሆን ግን የተጻፈ ነገር የለም። ሲፈርም ይህን መስመር አንብቦት እንደማያውቅም አልደበቀም። ማን ያነባል እንግዲህ፤ ደላላው አጠገብህ ቆሞ ኮሚሽኑን እየጠበቀ!

ምላሽ 6

ጸሐፊዋ ተመለሰች፤ የክሩ ፍሬ ነገር እዚህ ነው ያለው።

የመጋቢቱ ስልክ ውሉ የሚፈልገውን አያሟላም አለች፤ በጽሑፍ ነው የሚለው። ግን ጊዜው ገና አልመሸም። ከሰኔ 30 ሁለት ወር ወደ ኋላ ሲቆጠር የመጨረሻው ቀን ሚያዝያ 30 ነው። የሚቆጠረው ደግሞ ደብዳቤው የተጻፈበት ሳይሆን የደረሰበት ቀን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሚያዝያ 29 የሚል ቀን ጽፎ ግንቦት 4 ይሰጣል፣ ከዚያ የጻፍኩበትን እዩልኝ ይላል። በዚያ ላይ የሚያዝያ መጨረሻ ተንኮለኛ ነው። ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ነው፣ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ነው፤ ሁለቱም ዝግ ናቸው። ስለዚህ እስከ ሚያዝያ 20 ጨርሰው አለችው።

ስለ ደብዳቤው ይዘትም በዝርዝር ነገረችው። ላይ ላዩን ትንሽ የሚመስል፣ ግን ትልቅ ነገር አለ። ብዙ ተከራይ ውሌን አቋርጫለሁ ብሎ ይጽፋል። ማቋረጥ ማለት ቀኑ ሳይደርስ መውጣት ነው። በአዋጁ መሠረት ተከራይ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቀኑ ሳይደርስም መውጣት ይችላል፤ ግን የእሱ ጉዳይ ይኸ አይደለም። እሱ ውሉን እስከ መጨረሻው ቀን አክብሮ ነው የሚወጣው። ስለዚህ በዚህ ቀን የተፈረመው ውል ሰኔ 30 ቀን 2018 ሲያበቃ አላድስም፣ ቤቱንም በዚያው ቀን ባዶ አድርጌ አስረክባለሁ ብሎ ይጻፍ። የብሎኩንና የቤቱን ቁጥር፣ ወረዳ የተመዘገበበትን ቀን ይጥቀስ። የርክክብ ቀንና ሰዓት እንዲቀጠርለት ይጠይቅ። ለምን እንደሚወጣ መዘርዘር፣ ማመስገንም ሆነ መውቀስ አያስፈልግም። ስለ ገንዘቡም በዚህ ደብዳቤ ላይ ባይከራከር ይሻላል፤ የገንዘብ ክርክር ሲገባበት ወንድምየው አልቀበልም ለማለት ሰበብ ያገኛል።

አድራሻው በቤቱ ባለቤት ስም ይሁን፤ በወኪላቸው በኩል የሚለው ይጨመርበት። ውሉን ለመፈረም ውክልና የነበረው ሰው ስለዚያው ውል የሚጻፍን ደብዳቤ አልቀበልም ማለት አይችልም። ያም ሆኖ ለቤቱ ባለቤትም የደብዳቤውን ፎቶ በቴሌግራም ይላክላቸው። አንዱ አልደረሰኝም ቢል ሌላው ይኖራል።

ምላሽ 7

አንድ የአያት ሰፈር ልጅ የራሱን ታሪክ ይዞ መጣ። የእሱ አከራይ ደብዳቤውን አነበቡና መልሰው እጁ ላይ አኖሩለት፤ አልፈርምም አሉ። ልጁ በማግስቱ ሁለት ጎረቤቶች ይዞ ሄደ። ከፊታቸው በድጋሚ ሰጣቸው፣ በድጋሚ አልፈልግም አሉ። ምስክሮቹ አልቀበልም ማለታቸውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን በቅጂው ጀርባ ጽፈው ፈረሙ። ከዚያ በላይ ደግሞ በፖስታ ቤት በአደራ ላከላቸው፤ ደረሰኙንም ያዘ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት አልደረሰም። ደረሰኙን ሲያዩ አከራዩ ራሳቸው ደውለው ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ምን አመጣው አሉት።

ምላሽ 8

እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ። አንድ አከራይ ተነሱ። የገላን አካባቢ ሁለት ቤት እንዳላቸው ጻፉ። ተከራይ ሁሉ ሲገባ በግ፣ ሲወጣ ቀበሮ ነው ባይ ናቸው። አንዱ የአምስት ወር የውሃ ዕዳ ጥሎባቸው በሌሊት ወጥቷል። ሌላዋ የወጥ ቤቱን ግድግዳ በጥቀርሻ አጥቁራ ሄዳለች። የሁለት ወሩ ቅድሚያ ለዚህ ለዚህ ነው፤ የወንድምየው አቋም ትክክል ነው፣ ውሃውና መብራቱ ተጣርቶ ግድግዳው እስኪታይ ድረስ አንድ ብር እንዳይመልስ ሲሉ ደመደሙ።

እውነቱን ለመናገር የውሃው ነገር ልክ ናቸው። የሰኔ ውሃ ቢል የሚመጣው ተከራዩ ከወጣ በኋላ ነው፤ ቆጣሪው ደግሞ በቤቱ ባለቤት ስም ነው።

ምላሽ 9

ቀጥሎ የመጣው ሰው ጨዋነቱን ጥሎ ነው የመጣው። ለጥቀርሻ ሲባል 24,000 ብር የሚይዝ አከራይ ግድግዳውን በወርቅ ነው ወይ የሚቀባው ብሎ ጠየቀ። አከራዩም መልሰው ቤት ሥራና ያኔ እናያለን አሉት። በመሃል የማይደገሙ ነገሮች ተባባሉ።

ምላሽ 10

ከዚህ ጠብ ያወጣን በባንክ ሥራ ያለ የሚመስል፣ ቀዝቃዛ ሰው ነው። ለመሆኑ 24,000 ብሩ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ቅድሚያና ማስያዣ ያምታታል አለ። ቅድሚያ የከፈልክ ቀን የሐምሌና የነሐሴ ኪራይ ተከፍሏል ማለት ነው። ቀጣዩን ክፍያ መስከረም ላይ ከጀመርክ ገንዘቡ ያኔውኑ አልቋል፤ አከራይዋ እጅ የቀረ ብር የለም። ሐምሌ ወይ ነሐሴ ላይ ከጀመርክ ግን የተረፈ አለ። ስለዚህ ወደ ባንክ ስቴትመንትህ ሂድና ከ24,000 ብሩ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ክፍያ መቼ እንደሆነ እይ አለው።

ምላሽ 11

ጠያቂው ማታውን ስቴትመንቱን አውጥቶ መጣ። ከ24,000 ብሩ በኋላ የመጀመሪያውን 12,000 ብር የላከው ነሐሴ 1 ቀን 2016 ነው። ከዚያ በየወሩ አላቋረጠም። ለጳጉሜ ተጠይቆ እንደማያውቅም ጨመረ፤ ይኸም ለአከራይዋ ምስጋና ነው።

ምላሽ 12

የባንኩ ሰው ሒሳቡን ሠራለት። ሐምሌ 2016 ተጀምሮ ሰኔ 2018 የሚያልቅ ውል 24 ወር ነው። በወር 12,000 ሲባል 288,000 ብር ይሆናል። ጠያቂው የከፈለው መጀመሪያ 24,000፣ ከዚያ ከነሐሴ 2016 እስከ ሚያዝያ 2018 ደግሞ የ21 ወር፣ ማለትም 252,000 ብር ነው። ድምሩ 276,000 ይመጣል። የቀረበት 12,000 ብቻ ነው። ስለዚህ የግንቦትን ከከፈለ የሰኔ ተከፍሏል ማለት ነው። ወንድምየው እርሳው የሚለው 24,000 ብር የለም፤ ጠያቂው ይመለስልኝ የሚለውም 24,000 ብር የለም። አከራይዋ እጅ ያለው የአንድ ወር ኪራይ ነው።

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ሁለት ሰዎች በሌለ ብር ሲነታረኩ ከርመዋል።

ምላሽ 13

የገላኑ አከራይ እንደገና ብቅ አሉ፤ አሁን ግን ረገብ ብለዋል። ሒሳቡን ተቀበሉ። ግን ያ 12,000 ብር ለሰኔ ኪራይ የሚታሰብ ከሆነ ለውሃውና ለጉዳቱ ምን ይያዛል የሚል ጥያቄ አነሱ። ጸሐፊዋ በውሉ ላይ የተጻፈው ቅድሚያ ክፍያ የሚል እንጂ ማስያዣ የሚል ስላልሆነ ኪራይ ነው አለች። እሳቸው በልማድ ሁሉም ማስያዣ አድርጎ ነው የሚይዘው አሉ። ማንም ማንንም አላሳመነም። እኔ ወደ ጸሐፊዋ አደላለሁ፤ የሰውዬውን ስጋት ግን ከንቱ አልለውም።

ማስታረቂያ ያመጣው የአያት ሰፈሩ ልጅ ነው። እሱ ሲወጣ የቆጣሪውን ንባብ ከአከራዩ ጋር ሆኖ ፎቶ አነሳ። ያለፉትን ሦስት ቢሎች አማካይ አስልተው ያንን ያህል ብር አስይዞ ወጣ። ቢሉ ሲመጣ ልዩነቱን በቴሌብር ተላላኩ። የካርድ መብራት ከሆነ ደግሞ የቀረውን ብር ከቆጣሪው ላይ አይቶ መመዝገብ ብቻ ነው።

ምላሽ 14

አንዲት የለገጣፎ ነዋሪ ማንም ያላሰበውን ነገር አነሳች። ቤት ለቅቃ ወጥታ፣ የድሮው ውሏ መዝገብ ላይ እንዳለ ቀርቶባት ነበር። አዲሱን ውል ልታስመዘግብ ስትሄድ የቀድሞውን መልቀቅሽን የሚያሳይ ወረቀት አምጪ ተባለች። የድሮ አከራይዋ ስልክ አያነሱም። የፈረሙላት የርክክብ ወረቀት ባይኖራት ኖሮ ስንት ቀን እንደምትመላለስ አስቡት። ስለዚህ ርክክቡን በሁለት ቅጂ አድርጉ፣ ማለቁንም ለወረዳው አሳውቁ አለች። ለአከራዩም ይጠቅመዋል፤ ሰው የሌለበት ቤት ተከራይ አለው ተብሎ የኪራይ ግብር ሲጠየቅ መልስ ይኖረዋል።

ምላሽ 15

ከእሷ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። አንዱ ጠያቂው መታወቂያውን ወደ ሰበታ ለማዛወር መሸኛ ያስፈልገው እንደሆነ ጠየቀ። ሌላው የግቢው ጥበቃ ከባለቤቱ ፈቃድ ካላየ አልጋ ከበር አያሳልፍም አለ። ይኸኛው ይጠቅማል፤ ወንድምየው በርክክቡ ቀን ለጥበቃ የሚሰጥ አንዲት መስመር እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ከዚያ የጫኝና አውራጅ ልጆች ጉዳይ ተነሳና አበቃለት። አንዱ ፍሪጅ ከአራተኛ ፎቅ ለማውረድ የተጠየቀውን ዋጋ ሲናገር ሌላው በዚያ ብር አዲስ ፍሪጅ ይገዛል አለው። በራሴ ወንድሞች አወርዳለሁ ያለ ሰው ምን እንደደረሰበትም ተወራ። በሰኔ ዝናብ ፍራሽ መጫን እንዴት እንደሆነ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ምላሽ 16

ጸሐፊዋ መንጋውን ሰበሰበች። ሰኔ 30 ማክሰኞ ላይ ይውላል፤ ወንድምየው ሥራ ላይ ነው። ርክክቡን እሑድ ሰኔ 28 አድርጉት፣ ቁልፉንም ያኔ ስጠው አለች። ቀድሞ የሚወጣ ሰው አይጠየቅም፤ ዘግይቶ የሚወጣ ነው የሚጠየቀው።

ሲገባ የነበረውን ጉድለት የሚያሳይ ነገር አለህ ወይ ብላም ጠየቀችው። ጠያቂው ሐምሌ 2016 ላይ ለወንድምየው በቴሌግራም የላከው ፎቶ ተገኘ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ከታች በኩል ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ ቀለሙም እንደ ቅርፊት ተነስቷል። የሳሎኑ ሶኬት ክዳኑ ተሰብሮ ሽቦው ይታያል። ሥሩ ላይ ወንድምየው አይቼዋለሁ፣ ይሠራል ብሎ መልሷል። ሳይሠራ ሁለት ዓመት አለፈው፤ አሁን ግን ያቺ መልስ ዋጋዋ ብዙ ነው።

ጠያቂው ራሱ ገዝቶ በረንዳ ላይ ያስቀመጠውን 500 ሊትር ሮቶ ይዞ መውጣት ይችል እንደሆነም ጠየቀ። መውሰድ ትችላለህ፣ ቧንቧውን ግን እንደነበረው መልሰህ ግጠመው ተባለ። አንድ ሰው ብቻ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ነቅሎ መሄድ ግፍ ነው አለ። ለቀጣዩ ተከራይ በግማሽ ዋጋ እንዲሸጥለትም ሐሳብ ሰጠ።

ምላሽ 17

ጠያቂው ሚያዝያ 20 ማታ ተመልሶ ጻፈ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አድርጎ ወንድምየው ሱቅ ሄዷል። መጀመሪያ ወንድምየው ሌላ ሐሳብ አቀረበ፤ ለማንኛውም አዲሱን ውል ፈርምና ስትወጣ ትወጣለህ አለው። ይህን ምክር እዚህ ማንም አስቀድሞ አላነሳውም ነበር። ጠያቂው አልፈርምም አለ፤ ደግ አደረገ። ከዚያ ስቴትመንቱን አሳየው። ወንድምየው በስልኩ ደጋግሞ ደመረ፣ ለእህቱ ደወለ። እሳቸውም ልጁ ቀድሞ ነግሮናል፣ ምን ታስቸግረዋለህ አሉት። ቅጂው ላይ ደርሶኛል ብሎ፣ ቀኑን ጽፎ ፈረመ። የሰኔው 12,000 ብር ግን ኪራይ ይሁን ማስያዣ ሰኔ ላይ እንነጋገራለን ብሎታል።

ምላሽ 18

ሦስተኛው መላሽ፣ ደብዳቤ አያስፈልግም ያለው ሰው፣ ያለ ደብዳቤም ይሄው ነበር የሚሆነው ብሎ ጻፈ። ማንም አልመለሰለትም።

ምላሽ 19

የመጨረሻው ሰው ስለ ሕጉም ስለ ደብዳቤውም ምንም አላለም። ቤቱ ሰኔ 28 የሚለቀቅ ከሆነ በዚያው በ12,000 ብር ይገኝ እንደሆነ፣ ሮቶውም አብሮ ይሸጥ እንደሆነ ጠየቀ። ጠያቂው በቀጥታ ለወንድምየው ደውል፣ ደላላ እንዳታስገባ ብሎ መለሰለት። ሮቶውን በተመለከተ ግን ገና እያሰበበት ነው።